ኔት ሲጠፋ የተቆለፉት ጌሞች፦ የአንድ ደሴ ጌም ቤት ጉዳይ

የአክስቴ ልጅ ደሴ ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት አለችው። ሦስት ፒኤስ ፎር፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ግድግዳው ላይ በማርከር ዋጋ ተጽፏል። አንድ የፊፋ ጨዋታ 10 ብር ነው፤ የተሸነፈው ይከፍላል። ጌም ቤቷ ይቺው ናት። ልጁ ግን ከዚያች ቤት እናቱንም ራሱንም ያኖራል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ጌም ቤቱ ኔት የሚያገኘው ከልጁ ስልክ በሆትስፖት ነበር። መጀመሪያ ብዙም አልተጨነቀም። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሚጫወቱት ፊፋ ኔት ምን ይሠራል?

በማግስቱ ደወለልኝ። ዳታ ባይኖርም ጥሪ ይሠራ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ማሽን ቫይረስ ገባበት።»

ፒኤስ ፎር ላይ እንዲህ ያለ ቫይረስ አላውቅም። ምን እንደሚያሳይ ጠየቅኩት። ጌሞቹ ሁሉ ስክሪኑ ላይ አሉ፤ ግን በስማቸው አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ወጥቷል፣ ሲነካቸው አይከፈቱም አለኝ። ሲዲ ሲያስገባ ግን ሲዲው ይሠራል። አንደኛውና ሦስተኛው ማሽን ምንም አልሆኑም።

ነገሩ በስልክ ላይ እንዳለን ግማሽ በግማሽ ገብቶኝ ነበር። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ታክሲ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

ቁልፉ የምን ቁልፍ ነው

ሦስቱ ማሽኖች በመልክ አንድ ናቸው። ውስጣቸው ያለው የባለቤትነት ነገር ግን ለየቅል ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ነበር።

ልጁ ራሱ የከፈተው አንድ አካውንት አለው። ጌም የሚገዛበት የፕሌስቴሽን ስቶር ኢትዮጵያን በአገር ዝርዝሩ ውስጥ ስለማያስገባ አካውንቱ በሌላ አገር አድራሻ የተከፈተ ነው። ክፍያው በጊፍት ካርድ ነው፤ ካርዱም ከአካውንቱ አገር ጋር መግጠም አለበት። በዚህ አካውንት ፊፋ 23ን ጨምሮ ስድስት ጌም በዳውንሎድ ገዝቷል። ስድስቱንም አንደኛው ማሽን ላይ ጫናቸው። ከዚያ በዚያው አካውንት ሁለተኛው ላይ ገብቶ እዚያም ጫናቸው። አንዴ ከፍሎ በሁለት ማሽን ተጫወተ ማለት ነው። ይሄ ስርቆት አይደለም፤ ሲስተሙ ራሱ ይፈቅደዋል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው።

እያንዳንዱ አካውንት አንድ ፒኤስ ፎር ብቻ «የኔ ዋና ማሽን» ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። ዋናው ማሽን ላይ በዚያ አካውንት የተገዛ ጌም ያለ ኔት ይከፈታል። ማንም ተጠቃሚ ይክፈተው፣ ይከፈታል። ዋና ባልሆነው ማሽን ላይ ግን ጌሙ በተከፈተ ቁጥር «ባለቤቱ እውነት ይሄ ነው?» ብሎ የማሽኑን ሠሪ የሶኒን ሰርቨር ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ ይቆልፋል።

ሁለተኛው ማሽን ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ሲጠይቅ ኖሯል። ሆትስፖት ስለነበረ ማንም አላወቀም። ዳታው ሲጠፋ ጥያቄው መልስ አጣ። ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀምጧል፣ የጠፋ ፋይል የለም። የጠፋው መልስ ብቻ ነው።

ይሄን የምተርከው የአንድ ጌም ቤት ወሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ኩባንያ ሰርቨሩን ለዘለዓለም ሲያጠፋ የዓለም ተጫዋች ሁሉ የሚገባበት ሁኔታ በትክክል ይሄ ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ ሰርቨሩ አለ፣ መንገዱ ግን የለም። ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ደሴ ያለች አንዲት ጌም ቤት የትኛው ጌም ከባለቤቱ ጋር እንደሚቀር፣ የትኛው እንደማይቀር ከብዙዎች ቀድማ ፈተና ተቀመጠች።

አክስቴ ቡና አፍልታ ነበር። የልጇን ፊት አይታ «አብሽር፣ ያልፋል» አለችው። እኔ ደግሞ ወረቀት አውጥቼ ቤት ውስጥ ያለውን ጌም ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ስንጽፍ ቆየን።

ያለ ኔት ያደረግነው ምርመራ

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ማሽን ከኔት አላቀቅን። እዚህ ላይ መንግሥት ሥራውን አቅልሎልን ነበር። ከዚያ በአካውንቱ ባለቤት ስም ሳይሆን ማሽኑ ላይ ብቻ በተፈጠረ ሌላ ተጠቃሚ ገባን። ይሄ ነገር ወሳኝ ነው። በሌላ ተጠቃሚ ገብተህ ያለ ኔት ጌሙ ከተከፈተ፣ ማሽኑ በእርግጥ ዋና ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። በራስህ አካውንት ገብተህ፣ ኔት እያለ ብትሞክር ሁሉም ይከፈታል፣ ምንም አታውቅም።

መክፈት ብቻም አይበቃም። ጥቂት ተጫውቶ፣ ሴቭ አድርጎ፣ ጌሙን ዘግቶ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ እንደገና ከፍቶ ሴቩ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ይሄኛው ጉዳይ ግራን ቱሪስሞ ስፖርት ላይ አጋለጠን። የመኪና እሽቅድምድም ነው፣ በሲዲ የተገዛ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል። ሲዲው ገባ፣ ጌሙ ተከፈተ፣ መኪናው ተነዳ። ሴቭ ግን የለም። ጌሙ የተሠራው እድገትህን ሰርቨር ላይ እንዲመዘግብ ሆኖ ነው። ኔት ከሌለ ጥቂት ውድድር ታደርጋለህ እንጂ ያሸነፍከው አይያዝልህም።

«ሲዲ እኮ ነው!» አለ ልጁ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው። ሲዲ ማለት በእጅ ያለ ንብረት ነው፣ ማንም አይወስደውም ብለን ነው ያደግነው። ሲዲ ሁለት ነገር ነው ግን። አንደኛ ፈቃድ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ካለ ሰርቨር ሳይጠይቅ ይከፍታል። ሁለተኛ ይዘት ነው፤ የተጻፈበት የፋብሪካው የመጀመሪያ ቀን ጌም ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ማስተካከያ ሁሉ ሲዲው ላይ የለም።

ወረቀቱ ሲያልቅ በጌም ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በሦስት ተከፈለ። ፊፋ 22 እና ተከን 7 በሲዲ ናቸው፤ በሦስቱም ማሽን ያለ ኔት ይሠራሉ። ስድስቱ የዳውንሎድ ጌሞች አንደኛው ማሽን ላይ ብቻ ይሠራሉ። ግራን ቱሪስሞ በሲዲ ሆኖም ግማሽ ሰው ነው።

ሦስተኛው ማሽንስ? እሱ ላይ ያለው 14 ጌም ሁሉ በዳውንሎድ ነው፣ ሁሉም ያለ ኔት ይከፈታል። ልጁ ኩራት ቢጤ ተሰማው። ማሽኑን ከነጌሙ፣ ከነአካውንቱ፣ ከሌላ ከተማ ሻጭ ነበር የገዛው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ የአካውንቱ ኢሜይል የማን ነው?

«የሻጩ።»

ዝም አልኩ። ወረቀቱ ላይ ከ14ቱ ፊት የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።

አዲስ አበባ ደርሶ መልስ

ዋና ማሽን ለማስመዝገብም ሆነ ማስተካከያ ለማውረድ ኔት ያስፈልጋል። ኔት ያለው አዲስ አበባ ነው። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ልጁ እስከ የካቲት 2016 ጠበቀ። ከዚያ ሁለተኛውን ማሽን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በጀርባ ቦርሳ ይዞ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ማሽኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሄደው። እቃ መጫኛው ላይ አድርገው ካሉት ረዳቶች ጋር እንደተጣላ ነግሮኛል።

እህቱ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ስቶሩ ውስጥ ፊፋ 23ን መፈለግ ነበር። የለም። ፊፋ 22ም የለም፣ የድሮዎቹም የሉም። ደንግጦ ደወለ።

«ጋሼ፣ ወስደውብኛል!»

አልወሰዱበትም። የጌሙ ሠሪ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ስምምነት ስላበቃ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በፊፋ ስም የነበሩትን ጌሞች ከዲጂታል መደብሮች አነሳቸው። ይሄ ከሽያጭ መውረድ ነው። አዲስ ሰው መግዛት አይችልም። ቀድሞ የገዛ ግን ላይብረሪ ውስጥ ገብቶ የተገዙ የሚለውን ክፍል ሲከፍት ያገኘዋል፣ ያወርደዋልም። ሰዉ ሁለቱን ያምታታል። ከሽያጭ መውረድ ሱቁ እቃውን ከመደርደሪያ ማንሳቱ ነው። ሰርቨር መዘጋት ግን ሌላ ነው፤ ቤትህ ያለው እቃ ራሱ መሥራት ያቆማል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። መኪና፣ ዘፈን፣ የክለብ ስም ያለበት ጌም ፈቃዱ ሲያልቅ ከሽያጭ ይወርዳል፤ ብቻህን የምትጫወተው ክፍል ግን ለዓመታት ይቀጥላል።

ስለዚህ ፊፋ 23 ላይ የሰጠሁት ምክር አንድ ብቻ ነበር። ላይብረሪው ውስጥ ካለ አውርደው፣ ካወረድከው አታጥፋው። ሃርድ ዲስክ ሞላ ተብሎ ከሽያጭ የወረደ ጌም አይጠፋም። ሌላ፣ አሁንም የሚሸጥ ጌም ይጠፋል።

ቀጥሎ ለሁለተኛው ማሽን መፍትሔ መስጠት ነበረበት። የዋና ማሽን ምዝገባውን ከአንደኛው ነቅሎ ወደ ሁለተኛው ማዛወር ይቻላል። ያኔ አንደኛው ይቆለፋል፤ ትርፉ ዜሮ። ስለዚህ በራሱ ኢሜይል ሁለተኛ አካውንት ከፈተ። ይሄን አካውንት በሁለተኛው ማሽን ላይ ዋና አድርጎ አስመዘገበ፦

```
Settings > Account Management > Activate as Your Primary PS4
```

በዚህ አካውንት አንድ ጌም በቅናሽ ገዛ። ሌላውን ሁሉ ግን በሲዲ ይሁን ተባባልን። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የዳውንሎድ ጌም በሁለት ማሽን ያለ ኔት እንዲሠራ ሁለት ጊዜ መግዛት አለብህ። አንድ ሲዲ ግን ከማሽን ማሽን ይዞራል፣ ሲሰለችህም ይሸጣል።

ሁለት የመኪና ጌሞች

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ ደረስን። ለዚህ ሁለት ጌሞችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

የግራን ቱሪስሞ ስፖርት ሰርቨር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31፣ 2024 ተዘጋ። ልጁ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አለቀለት ብዬ ነበር። ግን ሠሪዎቹ ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ማስተካከያ አውጥተው ነበር፤ ብቻህን የምትጫወተው ክፍል ያለ ኔት ሴቭ እንዲያደርግ የሚፈቅድ። ልጁ ሲዲውን አስገባ፣ ማስተካከያው ሲወርድ አደረ። ጠዋት ኬብሉን ነቀለ። ነዳ፣ ሴቭ አደረገ፣ አጠፋ፣ ከፈተ። ሴቩ አለ። ያ ግማሽ ሰው የነበረ ጌም ሰርቨሩ ከሞተ በኋላ ሙሉ ሰው ሆነ። ነገሩ ያስቃል።

ልብ በሉ ግን። ጌሙን ያዳነው ሲዲው አይደለም፣ ማስተካከያው ነው። ማስተካከያው ደግሞ ከኔት ነው የሚወርደው። ያንን ሲዲ ዛሬ ገዝቶ ማስተካከያውን የማያወርድ ሰው የያዘው ሴቭ የማያደርገውን የድሮውን ጌም ነው። ስለዚህ አንዴ ከወረደ በኋላ ከማሽኑ ማጥፋት የለበትም።

በዚያው ሰሞን ልጁ አንድ ያገለገለ ሲዲ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ዘ ክሩ የሚባል ጌም አየ። እሱም የመኪና ነው፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የምትነዳበት። ዋጋው ከምግብ ዋጋ ያነሰ ነበር። ሦስት ሊገዛ ነው፣ ለሦስቱ ማሽን!

«የሳጥኑን ጀርባ አንብብልኝ» አልኩት። ከታች፣ በጉንዳን ፊደል፣ ቋሚ ኢንተርኔት እንደሚያስፈልገው ተጽፏል። ሰዉ የማያነባት መስመር ያቺ ናት።

ዘ ክሩን ዩቢሶፍት የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣው። ብቻህን ብትነዳም ጌሙ ያለ ሰርቨር አይነሳም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14፣ 2023 ከሽያጭ ወረደ፤ በዚያው ቀን ሰርቨሩ ማርች 31፣ 2024 እንደሚዘጋ ተነገረ። ልጁ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሳለ ጌሙ ሊሞት አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ ሻጩም ያወቀ አይመስለኝም።

ቀኑ ደረሰ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ነው። በዚያ ዓመት ዓቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበር፤ ደሴ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ጾመኛ ነበር፣ ጌም ቤቱም ቀን ቀን ጭር ይል ነበር። ሰርቨሩ ተዘጋ። ሲዲ ያለውም በዳውንሎድ የገዛውም እኩል ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በኩባንያው የኮምፒውተር መደብር ላይ ጌሙ ከገዢዎች ላይብረሪ ፈቃዱ ተነሳ።

ዘ ክሩን ታሪክ ያደረገው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር ጌሞችን መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ ጀመረ። ጥያቄው ሰርቨሩ ለዘለዓለም ይቆይ አይደለም፤ ሲዘጋ ጌሙ በሚሠራበት ሁኔታ ይተው ነው። ግራን ቱሪስሞ ላይ የተደረገውን ማለት ነው። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዘመቻው የዜጎች አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አወጣች። ዲጂታል መደብር «ግዛ» ሲል የምታገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ መንገር አለበት። የሕጉ ልዩ ሁኔታ ይበልጥ ይገርመኛል፤ ያለ ኔት ለዘለዓለም መጠቀም በምትችልበት መልክ አውርደህ የምታስቀምጠውን ነገር ሕጉ አይመለከተውም። እኛ አክስቴ ቤት በወረቀት የለየነውን ሕጉም በዚያው መስመር ነው የለየው።

ዩቢሶፍትም የጌሙ ተከታይ ለሆነው ለዘ ክሩ 2 ያለ ኔት የሚሠራበት መንገድ በ2025 አወጣ። በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የመጀመሪያውን ጌም ሰርቨር አስመስለው ሠርተው በዚያው ዓመት ለሕዝብ ለቀቁት። ግን ለኮምፒውተር ነው። ያ የፒኤስ ፎር ሲዲ ዛሬም አይነሳም። ይሄ ለእኛ ለፕሌስቴሽን ሰዎች መራራ ልዩነት ነው። ኮምፒውተር ላይ የሞተን ጌም ሰው ሊያስነሳው ይሞክራል። ኮምፒውተር ላይ ጂኦጂ የሚባለው መደብር የጌሙን ሙሉ ጫኝ ፋይል ስለሚሰጥህም በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ታስቀምጠዋለህ፤ ማንንም ሳይጠይቅ ይጫናል። ፒኤስ ፎር እንዲህ ያለ በር የለውም።

ዳታው ሲመለስ

ከብዙ ወራት በኋላ ዳታው ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ። ልጁም ሆትስፖቱን ከፈተና ሦስቱንም ማሽን አገናኘ።

ማታ ደወለ። ሦስተኛው ማሽን ላይ 14ቱም ጌሞች ተቆልፈዋል።

የጥያቄ ምልክቱ ትዝ አለኝ። ሻጩ በኔቱ መጥፋት ወራት ውስጥ፣ በኢሜይሉ ገብቶ ሁሉንም ማሽን ከአካውንቱ ሰርዟል። ይሄን በየስድስት ወሩ አንዴ ከድረ ገጹ ማድረግ ይቻላል። ያንኑ አካውንት ለሌላ ሰው ሸጦታል ብዬ እገምታለሁ። ማሽኑ ግን ኔት ስላልነበረው መሰረዙን አልሰማም። መርዶው ሳይደርሰው ሲሠራ ከረመ። ለሌላው ችግር የሆነው የኔት መጥፋት እሱን ጠብቆት ነበር። በተገናኘ ደቂቃ ሰማ፣ ቆለፈ። የሻጩ ስልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነሳም።

እዚህ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም። አካውንቱ በሌላ ሰው ኢሜይል ከተከፈተ የተከፈለበት ገንዘብ ኪራይ ነው። ልጁ ማሽኑን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ አጸዳውና ለሲዲ ብቻ መደበው። የራሱን ሁለት አካውንቶች ግን በዚያው ሳምንት አጠበቅናቸው። ኢሜይሎቹ የሱ ናቸው። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፈትን። ስልክ ሲጠፋ የሚያገለግሉትን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፎ አክስቴ የመሬት ካርታ የምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ከተተ። ሴቮቹንም በፍላሽ ገልብጧል። ሴቩ ከአካውንቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ የ14ቱ ጌሞች ሴቭ ግን አብሮ ሄዷል።

ትንሿ ባትሪ

አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ነበር። ሦስተኛውን ማሽን ስናጸዳ የሲስተሙ ቁጥር ከ9.00 በታች መሆኑን አየን። ይሄ ቀልድ አይደለም። ፒኤስ ፎር ውስጥ ሰዓቱን የምትይዝ ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ መቁጠሩን የሚቀጥለው በሷ ነው። በድሮው ሲስተም ባትሪዋ ስትሞትና ማሽኑ ሰርቨር ሳያገኝ ሲቀር፣ የዳውንሎድ ጌም ብቻ ሳይሆን ሲዲም አይከፈትም ነበር። ሲዲ ራሱ! ሶኒ በሴፕቴምበር 2021 ባወጣው 9.00 ይሄን አስተካከለው።

መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ፣ ኔት በሌለበት፣ ዓመታት ያስቆጠረ ማሽን ይዞ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማሽኑ ዕድሜው ካለፈ ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከሶኬት ተነቅሎ አድሮ ጠዋት ሰዓትና ቀኑ ከተሳሳተ ባትሪዋ ደክማለች።

ሲስተሙን ማሳደግ ዳታ ይበላል፤ ፍላሽ ግን ይበቃል። ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ከሶኒ ገጽ አውርዶ፣ በፋት 32 በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ በዚህ መልክ ማስቀመጥ ነው። ስሙ በካፒታል ካልሆነ ማሽኑ አያየውም፦

```
PS4/UPDATE/PS4UPDATE.PUP
```

ኮምቦልቻ አውርጄ ይዤለት ወጣሁ። ለሦስቱም አንዱ ፍላሽ በቃ።

ይሄ ሁሉ እስከ የት ያደርሳል

ልጁ ይሄን ሁሉ ካደረገ በኋላ «በቃ አሁን የኔ ናቸው?» አለኝ። ሙሉ በሙሉ አይደሉም።

ያለ ኔት የመክፈት ፈቃዱ የተቀመጠው ያ ማሽን ውስጥ ነው። የማሽኑ ቦርድ ቢቃጠል፣ ጌሙ ያለበትን ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ወደ ሌላ ፒኤስ ፎር ማዞር ይቻላል፤ ፋይሉ ይታያል፣ ፈቃዱን ግን አዲሱ ማሽን ከሰርቨር እንደገና መጠየቅ አለበት። ያ ሰርቨር እስካለ ድረስ ችግር የለም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2021 የድሮ ማሽኖቹን የፒኤስ ስሪንና የቪታን መደብሮች እዘጋለሁ ብሎ ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛ በወሩ ሐሳቡን ለወጠ። የፒኤስ ፎርም ተራ አንድ ቀን ይመጣል። ያን ቀን የሚቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሲዲው ላይ ሙሉ ሆኖ የተጻፈው፣ እንደ ተከን 7 ጎን ለጎን የሚጫወቱት ነው። ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለ ማሽን ውስጥ ከነፈቃዱ ተጭኖ የቆየው ነው። ሌላው ሁሉ በሰርቨሩ ቸርነት ነው።

ስለዚህ አሁን ጌም ሲገዛ የሚጠይቀው ተቀይሯል። ሲዲ አለው? ጀርባው ላይ ስለ ኔት ምን ይላል? በሲዲው ብቻ፣ ያለ ማስተካከያ፣ ምን ያህል ይሠራል? ሦስተኛውን መልስ ሳጥኑ አይነግርህም፤ ቀድሞ የገዛ ሰው መጠየቅ ወይም ሱቁ ውስጥ ኬብል ነቅሎ መሞከር ያስፈልጋል። አንዳንድ ሻጭ ይቆጣል። የማያስሞክር ሻጭ ጋ አይገዛም።

በእያንዳንዱ የሲዲ ሽፋን ላይ አሁን በማርከር «ያለ ኔት ይሠራል» ወይም «ማስተካከያው ተጭኗል፣ እንዳይጠፋ» የሚል ጽሑፍ አለ። ግራን ቱሪስሞ ላይ ሁለተኛው ነው ያለው። አንድ ቀን የጌም ቤቱ ረዳት ለአዲስ ጌም ቦታ ሲፈልግ ሊያጠፋው ሲል ጽሑፉን አይቶ ተወው።

የሦስተኛውን ማሽን ባትሪ ግን እስካሁን አልቀየርንም። ለመድረስ ማሽኑን መፍታት ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ልጅ ተሰልፎ እያለ ደግሞ አንዱን ቴሌቪዥን ባዶ ማድረግ አልሆነለትም። ሰኞ ጠዋት ና፣ ያኔ ሰው የለም ብሎኛል።